ሶሌታው የት ላይ ይቁም?

የሶሌታ ሙሌት ቀን ማልዶ ይጀምራል። ሚክሰሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ አሸዋና ጠጠር የሚያቀርበው በአንድ ወገን፣ ድብልቁን የሚያመላልሰው በሌላ ወገን ይሰለፋል፤ ባለቤቱም ለሠራተኛው ምሳ ያሰናዳል። ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን ግን ማንም አያውቅም። ክረምት ከሆነ ዝናቡ ይወርዳል። በጋ ከሆነ መብራት ይጠፋና ቪብሬተሩ ይቆማል። ሲሚንቶ ሊያልቅም፣ የሚክሰሩ ቀበቶ ሊበጠስም ይችላል። ሥራው ዛሬ እንደማያልቅ ሲታወቅ ካቦው ዙሪያውን ይቃኝና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል፦ «ኢንጂነር፣ እንደምንም ቢሙ ላይ እናድርሰውና እዚያ እናቁመው። ቢሙ ይሸከመዋል።»

ለጆሮ የሚጥም ሐሳብ ነው። ቢም ጠንካራ ነው፤ ከሥሩም ኮለን አለው። መቆም ካልቀረ ጠንካራው ላይ መቆም የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ሶሌታ ሊቋረጥባቸው ከሚችሉ ቦታዎች ሁሉ የከፋው ይኸው የቢሙ አፋፍ ነው። የሚመቸው ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራው ቦታ፣ የሁለት ቢሞች መካከል ነው።

ዛሬ የተሞላው ኮንክሪት ነገ ከሚሞላው ጋር የሚገናኝበትን መስመር መሐንዲሶች ኮንስትራክሽን ጆይንት ይሉታል። ፉቲንጉ፣ ኮለኑ፣ ሶሌታው በየተራ ስለሚሞሉ ያለ መጋጠሚያ የሚቆም ሕንፃ የለም። መጋጠሚያ በራሱ ጉድለት አይደለም። ጉድለት የሚሆነው ቦታውን ሰው ሳይመርጠው ዝናቡ ወይም የተበላሸው ሚክሰር ሲመርጠው፣ ወይም ቦታው ተመርጦ ገጹ ሳይዘጋጅ ሲቀር ነው። በሥራ መካከል ሳይታሰብ ለሚፈጠረው ኮልድ ጆይንት የሚል ስም አለው።

ቦታው ለምን መካከል እንደሆነ ለመረዳት ጭነቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ማየት ይበቃል። በሁለት ቢሞች መካከል 4 ሜትር የተዘረጋ ሶሌታ እናስብ። በላዩ ያለው ሁሉ፣ የራሱም ክብደት ጭምር፣ ግማሹ ወደ ግራው ቢም፣ ግማሹ ወደ ቀኙ ይጓዛል። ከመካከል ተነሥተን ወደ ቢሙ በቀረብን ቁጥር በዚያ በኩል የሚያልፈው ጭነት እየተጠራቀመ ይመጣል። ይህ ጭነት ሶሌታውን በቁሙ ሊቆርጠው፣ አንዱን ፊት በሌላው ላይ ሊያንሸራትተው የሚፈልግ ኃይል ነው፤ መሐንዲሶች ሺር ይሉታል። በቢሙ አፋፍ ላይ ከሁሉ ይበልጣል፣ መካከል ላይ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ርዝመቱን ለሦስት ብንከፍለው፣ በመካከለኛው ሢሶ ዳር ላይ እንኳ የሺሩ መጠን በቢሙ አጠገብ ካለው ሢሶ ያህል ብቻ ነው። አዲስና አሮጌ ኮንክሪት የሚገናኙበት ገጽ ደግሞ ደካማ የሚሆነው በዚሁ፣ በመንሸራተቱ በኩል ነው። ስለዚህ የአሜሪካው የኮንክሪት ደንብ፣ ኤሲአይ 318፣ በሶሌታና በቢም ላይ የሚደረግ መጋጠሚያ በርዝመቱ መካከለኛ ሢሶ ውስጥ እንዲሆን ያዝዛል።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ሊከራከር ይችላል። ሶሌታ በብዛት የሚጎብጠው መካከሉ ላይ አይደለም ወይ? ነው። ሲጎብጥ ግን የላይኛው ክፍል ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። የሚጨመቀውን መጋጠሚያው ያለ ችግር ይሸከመዋል፤ ሁለት ፊቶች ሲገፋፉ ይበልጥ ይጣበቃሉ እንጂ አይለያዩም። የሚለጠጠውን የሚይዘው ደግሞ ፌሮው ነው። ንድፉ ሲሰላ ኮንክሪቱ ለመለጠጥ ዋጋ እንደሌለው ተቆጥሯል፤ መጋጠሚያ ኖረም አልኖረም የታችኛው ኃይል የፌሮ ድርሻ ነው። ፌሮው ሳይቆረጥ በመጋጠሚያው ውስጥ እስካለፈ ድረስ መካከሉ ላይ ማቋረጥ የሚያሳጣን ጥቂት ነው።

በረንዳ ግን ከዚህ ይለያል። አንዱ ጫፉ ብቻ የተያዘ ስለሆነ የሚያጎብጠውም የሚቆርጠውም ኃይል እግሩ ላይ፣ ከቤቱ በሚወጣበት መስመር፣ አንድ ላይ ይከመራሉ። በረንዳ ከውስጥ ካለው ሶሌታ ጋር አንድ ላይ ይሞላል፤ እግሩ ላይ አይቋረጥም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አሁን አንድ ቤት ወስደን እንሥራ። ወለሉ 12 ሜትር በ10 ሜትር ነው። በ12 ሜትሩ አቅጣጫ በየ4 ሜትሩ፣ በ10 ሜትሩ አቅጣጫ በየ5 ሜትሩ ቢም አለው። ሶሌታው 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፣ ቢሞቹ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሯቸው ከሶሌታው በታች ሌላ 25 ሴንቲ ሜትር ይወርዳሉ። ሶሌታው ብቻውን 18 ሜትር ኩብ፣ ቢሞቹ 4.75 ሜትር ኩብ፣ በድምሩ 23 ሜትር ኩብ ገደማ ኮንክሪት ይፈልጋል። በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብንል፣ ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት የሚገባበት አንድ ዙር ድብልቅ 0.14 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ስለዚህ ሚክሰሩ 160 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። አንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢወስድ፣ ምሳና እረፍት ሳይጨመር፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። 1 ሰዓት ላይ የተጀመረ ሥራ ሁሉም ቢሰምር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ማቀድ ተስፋ ነው እንጂ ዕቅድ አይደለም።

የተሻለው በሁለት ቀን መሙላት ነው። ቢሞቹን ከአንደኛው ጫፍ በተራ ብንጠራቸው በ0፣ በ4፣ በ8 እና በ12 ሜትር ላይ ይገኛሉ። የመካከለኛው ክፍል ከ4 እስከ 8 ነው፤ የዚህ መካከለኛ ሢሶ ከ5.33 እስከ 6.67 ሜትር ይደርሳል። 6 ሜትር ላይ ብናቆም ሥራው እኩል ለሁለት ይከፈላል፤ በየቀኑ 81 ዙር፣ አምስት ሰዓት የማይሞላ ሥራ። ቀትር ሳይደርስ ሙሌቱ ያልቃል፣ ዝናቡ ሲመጣም ሠራተኛው ላስቲክ አልብሶ ይጠብቀዋል። የማቋረጫው መስመር ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሶሌታውንም፣ በርዝመቱ የሚሄዱትን ሦስቱን ቢሞችም መካከላቸው ላይ ያገኛቸዋል። ወደ ጎን ከሚሄዱት ቢሞች አንዱንም አይነካም።

ይህ ውሳኔ ከሙሌቱ በፊት በንድፉ ላይ በእርሳስ ተሰምሮ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ፈርሞበት ቢያድር ጥሩ ነው። ያኔም ቢሆን ያልታሰበ ነገር ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ክፍል እየተሞላ ሚክሰሩ 3.2 ሜትር ላይ ተበላሸ እንበል። በ4 ሜትር ላይ ያለው ቢም ቅርብ ነው፤ ካቦው «እዚያ ላይ» የሚለው ይህንን ነው። ነገር ግን የዚህ ክፍል መካከለኛ ሢሶ ከ1.33 እስከ 2.67 ሜትር ነው፤ አልፈነዋል። ወደ ፊት ሄደን ቀጣዩ መካከለኛ ሢሶ ለመድረስ 2.2 ሜትር ያህል ይቀራል፤ ከቢሙ ጋር 4.3 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 31 ከረጢት ገደማ በእጅ አቡክቶ መሙላት ያስፈልጋል። አይሆንም። ወደ ኋላ መመለስ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ገና ያልጠነከረውን ኮንክሪት በአካፋ እያነሡ እስከ 2.6 ሜትር መጥረግ። የሚጣለው አንድ ሜትር ኩብ፣ ሰባት ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ባለቤቱ ሲያየው ይከፋዋል፤ ይሁን እንጂ ያን ቀን ከሚደረገው ሁሉ ርካሹ ይህ ነው።

መጥረግ የሚቻለው ግን ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ነው። መጠንከር አለመጠንከሩን ለማወቅ ሰዓት ከማየት ይልቅ ቪብሬተሩን መጠየቅ ይሻላል። እየሠራ ያለውን ቪብሬተር ቀደም ብሎ በተሞላው ላይ አስቁሙት። በራሱ ክብደት ከሰመጠ፣ ሲወጣም ቀዳዳው ከተደፈነ፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተቀላቅሎ አንድ ይሆናል፤ ሥራውን መቀጠል ይቻላል። ካልሰመጠ፣ ወይም ወጥቶ ጉድጓዱ ክፍት ከቀረ፣ መጋጠሚያ ተፈጥሯል፤ ያ ገጽ እንደ መጋጠሚያ ይታከማል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ይህ ሰዓት ከሚጠበቀው ቀድሞ ይደርሳል። በነገራችን ላይ ይኸው ጥያቄ በትልልቅ ግድቦችም አለ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋና አካል በስስ ንብርብር እየተነጠፈ በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ነው። እንዲህ በተሠራ ግድብ በእያንዳንዱ ንብርብር ላይ «የታችኛው ገና ትኩስ ነው ወይስ ደርቋል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የገጹ አያያዝም በመልሱ ይወሰናል።

የሚቆምበት ቦታ ከታወቀ በኋላ ጠርዙ እንዴት ይቁም? በየሳይቱ የሚታየው ልማድ ኮንክሪቱ እንደ ወደቀ ተዳፍኖ፣ ተንሸራትቶ፣ ጫፉ እየሳሳ እንዲቀር መተው ነው። ነገ አዲሱ ኮንክሪት በዚያ ተዳፋት ላይ ሲመጣ ከአንድ ጠጠር የማይወፍር ስስ ጫፍ ይኖረዋል፤ እሱም ተሰባብሮ ይነሣል። ተዳፋቱ ራሱም ለመንሸራተት የተመቸ ነው። ጠርዙ በቁመት ቀጥ ማለት አለበት። ለዚህም ፌሮው በሚያልፍበት ልክ የተነደለ ጣውላ በመስመሩ ላይ ይገተራል፤ አንዱ ከታችኛው ፌሮ በታች፣ ሌላው በፌሮዎቹ መካከል፣ ሌላው በላይ። ቢሙም ውስጥ እንዲሁ። ጣውላው ጥግ ድረስ ኮንክሪቱ በደንብ በቪብሬተር ይመታል፤ ሠራተኛው ጣውላው እንዳይፈርስ ፈርቶ ጠርዙን ሳይነካው ከተወ በነጋታው የሚገኘው ጠጠር ብቻ ነው።

ፌሮው እንዳለ ይሻገራል፤ ለአናጺው አይመችም ተብሎ ሊቆረጥም ሊታጠፍም አይገባም። ከጠርዙ ወጥቶ የቀረውን ሰው እየረገጠው እንዲወዛወዝ መፍቀድም ያው ጉዳት ነው፤ ትኩሱ ኮንክሪት ከብረቱ ዙሪያ ይለቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው የገጹ ዝግጅት ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ኮንክሪት ተሞልቶ ሲረጋ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ይዞት የሚወጣው የሲሚንቶና የአሸዋ ልም ላዩ ላይ ይተኛል። በተፈላ ወተት ላይ እንደሚቀመጠው ስልባቦት ነው፤ ሲደርቅ ነጣ ያለ፣ በጥፍር ሲፋቅ የሚበን ስስ ሽፋን ይሆናል። አዲሱ ኮንክሪት ከዚህ ሽፋን ጋር በሚገባ ይጣበቃል፤ ሽፋኑ ግን ከሥሩ ካለው ጋር አልተጣበቀም። በተለይ በኮለን አናት ላይ ወፍሮ ይገኛል። በጣውላ በተያዘ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ጣውላው ያለሰለሰው የሲሚንቶ ቆዳ ይቀራል።

ይህ የማስዋብ ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የኮንክሪት ንድፍ መስፈርት የአውሮፓውን ዩሮኮድ 2 ይከተላል፤ እሱም የመጋጠሚያን ገጽ እንደ ሻካራነቱ በደረጃ ይለያል። ከቪብሬተር በኋላ ሳይነካ ለቀረ ገጽ የሚሰጠው የመጣበቅ ዋጋ 0.20 ሲሆን፣ ሻካራ ለሆነው 0.40 ነው፤ እጥፍ። በብረት ወይም በላስቲክ ቅርጽ ላይ ተሞልቶ እጅግ ለለሰለሰው ከ0.10 አይበልጥም። ሻካራ የሚባለው ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወጣ ገባ ያለው፣ ወጣ ገባውም በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ የሚደጋገም ነው። በሳይት ቋንቋ፣ ጠጠሩ ከግማሽ ባነሰ ጥልቀት ፈጦ ሲታይ ማለት ነው።

ወደዚያ የሚደረስበት መንገድ እንደ ኮንክሪቱ ዕድሜ ይለያያል። ላይኛው ገጽ ከሆነ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ጠጠሩ በጥፍር የማይነቀል ሆኖ ልሙ ግን ገና የሚታጠብ ሲሆን፣ በውሃና በጠንካራ ብሩሽ ማጠብ ከሁሉ ይቀላል። በጣውላ የተያዘውን ጠርዝ በነጋታው ጠዋት ጣውላውን አውልቆ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ይቻላል። ቀናት ካለፉ ግን መዶሻና ሹል ብረት ብቻ ይቀራል፤ እሱም በትንሽ መዶሻ፣ ቀስ ብሎ። በትልቅ የማፍረሻ መሣሪያ ሲነካ የላዩ ይሻክራል፣ ከሥሩ ያለው ግን በማይታይ ስንጥቅ ይለቃል፤ እንዲህ የተነካካ ገጽ ካልተነካው ሊብስ ይችላል።

ከዚያ ጽዳት ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የማሰሪያ ሽቦ ቁራጭ፣ አቧራ፣ በፌሮው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ሁሉ ይነሣል። ቢሙ ሥር የተሰበሰበውን ለማውጣት በካሳፎርማው ግርጌ ትንሽ መስኮት መተው ይጠቅማል፤ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ይዘጋል።

ውሃን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። ደረቅ ገጽ የአዲሱን ኮንክሪት ውሃ ይመጥና መጋጠሚያው ላይ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። ውሃ ያቆረ ገጽ ደግሞ በዚያው መስመር ላይ ድብልቁን ያቀጥነዋል። ትክክለኛው፣ ገጹን ከዋዜማው ጀምሮ አርጥቦ ማሳደር፣ ሙሌቱ ሊጀመር ሲል ላዩ ላይ ያለውን ውሃ በጨርቅ ወይም በነፋስ ማስለቀቅ ነው። ውስጡ የጠጣ፣ ላዩ ግን የማያብለጨልጭ ገጽ ይፈለጋል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ለማምለጥ ብዙዎች ቦያካ ያፈሳሉ። ሲሚንቶ በውሃ በጥብጦ ማፍሰስ ለዓይን ሥራ የተሠራ ያስመስላል። ባልተፋቀ ገጽ ላይ ሲፈስ ግን የሚጣበቀው ከስልባቦቱ ጋር ነው። በፀሐይ ደግሞ ኮንክሪቱ ሳይደርስበት በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ያኔ ማጣበቂያ ሳይሆን በሁለቱ መካከል የገባ መጋረጃ ይሆናል። የሲሚንቶ ዱቄት መበተን የባሰ ነው። እኔ ገጹ በሚገባ ከተፋቀና ከረጠበ ቦያካ ጨርሶ ባይፈስ እመርጣለሁ፤ ማድረግ የግድ ከሆነም ወፈር ያለ፣ በብሩሽ የተሻሸ፣ ኮንክሪቱ ከሚመጣበት ግማሽ ሜትር ቀድሞ ብቻ ይሁን። አዲሱ ኮንክሪት መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ቪብሬተሩ ወደ ጠርዙ ቀርቦ ይምታው።

ስለ ኮለን ጥቂት ልበል። ኮለን የሚቆመው ከቢሙ ታች ነው፤ ቢሙና ሶሌታው ከላይ አንድ ላይ ይሞላሉ። ኮለኑ ተሞልቶ ገና ትኩስ እያለ ቢሙን ማስከተል አይገባም፤ የኮለኑ ኮንክሪት ሲረጋ ዝቅ ይላልና በመገናኛው ላይ ስንጥቅ ይፈጠራል። ሲነሣም ሥሩ ይመርመር። በኮለን ግርጌ የሚታየው ጠጠር ብቻ የሆነ ባዶ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ካሳፎርማው ከወለሉ ጋር ባለመግጠሙ የሲሚንቶው ልም በክፍተቱ ስለሚፈስ ነው።

ቤቱ አልቆ የገባ ሰው መጋጠሚያው እንዴት እንደተሠራ ከጣሪያው ሥር ሊያነብ ይችላል። ቀጥ ያለ፣ በክፍሉ መካከል ያለፈ የፀጉር ያህል መስመር አያስደነግጥም፤ ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚኮማተር መጋጠሚያው ላይ ቀጭን ስንጥቅ መታየቱ የተለመደ ነው። በዝናብ ጊዜ የሚረጥብ፣ ነጭ ጨው የሚያወጣ መስመር ውሃ እያሳለፈ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ፌሮውን ያዝገዋል። በመዶሻ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ያልተመታ ጠጠር አለ። ከሁሉ የሚያሳስበው ከቢሙ አጠገብ ያለ፣ በተለይም ሰያፍ ሆኖ የሚወጣ ስንጥቅ ነው፤ ይህ በልስን የሚሸፈን አይደለም፤ መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

የቀረው ፑንቴሎ ነው። በምሳሌያችን ቤት የመጀመሪያው ግማሽ 6 ሜትር ላይ ቆሟል፤ ማለትም ከመጨረሻው ቢም አልፎ 2 ሜትር ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሏል። ያ 2 ሜትር እንደ በረንዳ ይሠራል፤ የተነደፈው ግን እንደ በረንዳ አይደለም። በቢሙ ላይ የሚያልፈው የላይኛው ፌሮ ብዙ ጊዜ 1.2 ሜትር ያህል ሄዶ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ላዩን የሚይዝ ብረት የለም። የመጀመሪያው ግማሽ ቀኑ ደርሷል ተብሎ ፑንቴሎው ከተነሣ ሶሌታው ከላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የተቋረጠው ክፍል ድጋፍ በሁለቱም ወገን ሳይነካ ይቆያል፤ መሐንዲሱ የወሰነው የማንሻ ቀንም መቆጠር የሚጀምረው ሁለተኛው ግማሽ ከተሞላበት ቀን ነው።